በሒሳብ ላይ የተመዘገበ ቼክ ወዲያው ወጪ የማይሆንበት ምክንያት፤ የቼክ ማጣራት ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ

በየባንኩ መስኮት ዘወትር ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ ነጋዴ ከደንበኛው የተቀበለውን ቼክ ሰኞ ጧት ለባንኩ ያስረክባል፤ የገቢ ደረሰኙንም ይቀበላል። ማክሰኞ የሒሳቡን መግለጫ ሲያስወጣ፣ ወይም በስልኩ ሲመለከት፣ ገንዘቡ በስሙ ተመዝግቦ ያገኘዋል። ከዚያው ገንዘብ ላይ ጥቂት ለማውጣት ሲቀርብ ግን ሠራተኛው «ገና ስላልተጣራ ሊወጣ አይችልም» ይለዋል። ነጋዴውም «ገንዘቡ ካልደረሰ ለምን ጻፋችሁልኝ? ከደረሰስ ለምን ትከለክሉኛላችሁ?» ብሎ ይቆጣል።

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰልፍ ከኋላ እየገፋ በመስኮት በኩል የሚሰጠው መልስ ግን ከሁለት ቃል ስለማይበልጥ ብዙ ሰው ሳይረካ ይመለሳል፤ ከዚያም የባሰው ደግሞ ነገሩን ሳይረዳ በዚያ ገንዘብ ተማምኖ የራሱን ቼክ ለሌላ ሰው ይጽፋል። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ቼኩ ከእጃቸው ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስኪከፈል ድረስ የሚሄድበትን መንገድ እንዲያውቁት በዚህ ጽሑፍ ደረጃ በደረጃ እናስረዳለን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቼክ ራሱ ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ቼክ ማለት ሒሳብ ያለው ሰው ባንኩን «ከእኔ ሒሳብ ላይ ይህን ያህል ብር ለእገሌ ክፈልልኝ» ብሎ የሚያዝበት ወረቀት ነው። ትእዛዙ የተጻፈው ለአውጪው ባንክ እንጂ ለእርስዎ ባንክ አይደለም። እርስዎ ቼኩን ለራስዎ ባንክ ሲሰጡ ባንክዎ ከፋይ ሳይሆን ወኪልዎ ይሆናል፤ ይኸውም ወረቀቱን ይዞ ወደ ሌላው ባንክ ሄዶ ገንዘቡን የሚሰበስብልዎ ማለት ነው። በባንክ ሥራ የመጀመሪያው ሰብሳቢ ባንክ፣ ሁለተኛው ከፋይ ባንክ ይባላል። ከፋዩ ባንክ ትእዛዙን አይቶ እስኪቀበለው ድረስ በሰብሳቢው ባንክ ካዝና ውስጥ ስለዚህ ቼክ የገባ አንዲት ሳንቲም የለችም።

ታዲያ ሰብሳቢው ባንክ ለምን አስቀድሞ ይመዘግባል? ምክንያቱ በሒሳብ አያያዝ ውስጥ ይገኛል። ባንኩ ማንኛውንም ነገር ሲቀበል በሁለት ወገን መጻፍ አለበት። ቼኩን በተረከበበት ቀን በአንድ በኩል «ከሌላ ባንክ የሚሰበሰብ ቼክ በእጄ አለ» ብሎ ይጽፋል፤ በሌላው በኩል ደግሞ «ይህ ቼክ የእገሌ ነው» ብሎ በደንበኛው ሒሳብ ላይ ያሰፍረዋል። እንዲህ ባያደርግ ኖሮ አንድ ሰው ያስረከበው የብዙ ሺህ ብር ቼክ በየትኛውም መዝገብ ሳይገኝ ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ላይ ይውል ነበር። ምዝገባው ስለዚህ ለደንበኛው የመረከቢያ ማስረጃ ነው፤ ቀኑንና መጠኑን ያረጋግጥለታል። ነገር ግን ምዝገባው «ቼኩ ከተከፈለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለበት፤ ቅድመ ሁኔታውም ብዙ ጊዜ በገቢ ማድረጊያው ቅጽ ላይ በደቂቅ ፊደል ታትሞ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው።

ከዚህም የተነሣ በአንድ ሒሳብ ላይ ሁለት ዐይነት ቀሪ አለ። አንደኛው የተመዘገበው ሁሉ ተደምሮ የሚገኘው ጠቅላላ ቀሪ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ላይ ያልተጣሩት ቼኮች ተቀንሰው የሚተርፈው፣ ማለት ዛሬውኑ ሊወጣ የሚችለው ቀሪ ነው። ገንዘብ ከፋዩ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ነጋዴው በመግለጫው ላይ ወይም በስልኩ መልእክት ላይ ያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት ይናገራሉ፤ ጠቡ የሚነሣው ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥር ስለሚነጋገሩ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ እንየው። በአዲስ አበባ የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ሒሳቡ የሚገኘው በ«ሀ» ባንክ ሲሆን ቀሪው 40,000 ብር ነው። የአዳማ ደንበኛው ቆርቆሮ ገዝቶ በ«ለ» ባንክ የሚከፈል የ180,000 ብር ቼክ ይጽፍለታል። አከፋፋዩ ቼኩን ሰኞ ከጧቱ በ4 ሰዓት ለ«ሀ» ባንክ ያስረክባል።

የ«ሀ» ባንክ ሠራተኛ መጀመሪያ ወረቀቱን ይመረምራል። ቀኑ ተጽፏልን? የተከፋዩ ስም ከሒሳቡ ባለቤት ስም ጋር አንድ ነውን? በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ይስማማልን? ስርዝ ድልዝ አለበትን? በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት አኃዙና ፊደሉ ቢለያዩ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው፤ ይሁን እንጂ ባንኮች በሥራ ልማዳቸው እንዲህ ያለውን ቼክ ይመልሱታል እንጂ በሕጉ ተማምነው ክርክር ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ነጋዴ ቼክ በሚቀበልበት ጊዜ ይህን ልዩነት ቆሞ ማየት ይገባዋል። አውጪው ገና ከሱቁ ሳይወጣ የሚታረመው ስሕተት፣ አዳማ ከደረሰ በኋላ የብዙ ቀን ሥራ ይሆናል።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሰብሳቢው ባንክ ቼኩን ወደ ማጣሪያ ያቀርባል። በቼኩ ግርጌ ለየት ባለ ቅርጽ የታተሙትን ቁጥሮች አንባቢው ሳያያቸው አልቀረም። እነዚህ ቁጥሮች የታተሙት የመሳብ ኀይል ባለው ማግኔታዊ ቀለም ስለ ሆነ መኪና ያነባቸዋል፤ የቼኩን ቁጥር፣ የከፋዩን ባንክና ቅርንጫፍ፣ የአውጪውንም ሒሳብ ቁጥር ይናገራሉ። በዚያ ስፍራ ላይ መፈረም፣ ማኅተም ማሳረፍ ወይም በስቴፕለር መውጋት ቼኩን በመኪና የማይነበብ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ሥራው በእጅ ይሆንና ይዘገያል።

በቀድሞው ዘመን ወረቀቱ ራሱ ነበር የሚጓዘው። በ18ኛው መቶ ዓመት የለንደን ባንኮች ተላላኪዎች ቼክ በከረጢት ይዘው ከባንክ ወደ ባንክ እየዞሩ በየመስኮቱ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን በድካም ብዛት ዘዴ አገኙና በሎምባርድ መንገድ አካባቢ በአንድ ስፍራ እየተገናኙ ቼኩን እርስ በርሳቸው ይለዋወጡ፣ ልዩነቱን ብቻ በገንዘብ ይከፋፈሉ ጀመር። አለቆቻቸው ነገሩን መጀመሪያ እንደ ስንፍና ቢመለከቱት አያስደንቅም፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለው የማጣሪያ ቤት ሥርዐት ግን የተነሣው ከዚያ ነው።

በአገራችን የመንግሥት ባንክ በ1956 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቋቋሙ፣ ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚተሳሰቡበት ስፍራ ብሔራዊ ባንክ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች ከተወረሱ በኋላ የንግድ ሥራ ገንዘብ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በአንድ ባንክ ውስጥ ስለ ነበር የማጣራቱ ሥራ ጠባብ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የግል ባንኮች እንደ ገና ሲፈቀዱና ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ ግን የአንዱ ባንክ ደንበኛ የሌላውን ባንክ ቼክ መቀበሉ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ብሔራዊ ባንክ ሥራውን በመኪና ኀይል የሚያካሂድ ሥርዐት ዘርግቷል። አሁን የሚጓዘው የቼኩ ሥዕልና ከቼኩ ላይ የተነበበው ቁጥር ነው፤ ወረቀቱ በሰብሳቢው ባንክ ዘንድ ይቀመጣል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የ180,000 ብሩ ቼክ ሥዕል ሰኞ ዕለት ከ«ሀ» ባንክ ተነሥቶ በማጣሪያው በኩል ወደ «ለ» ባንክ ይደርሳል። ግን ብቻውን አይሄድም። በዚያው ቀን «ሀ» ባንክ በ«ለ» ባንክ ላይ ያቀረባቸው ቼኮች በድምሩ 9 ሚሊዮን ብር፣ «ለ» ባንክ በ«ሀ» ላይ ያቀረባቸው ደግሞ 7 ሚሊዮን ብር ናቸው እንበል። ሦስተኛ «ሐ» የሚባል ባንክም አለ፤ «ሀ» በእርሱ ላይ 4 ሚሊዮን፣ እርሱ በ«ሀ» ላይ 5 ሚሊዮን፤ «ለ» በ«ሐ» ላይ 6 ሚሊዮን፣ «ሐ» በ«ለ» ላይ 3 ሚሊዮን ያቀርባሉ። ቼኮቹ ሁሉ ሲደመሩ 34 ሚሊዮን ብር ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ግን አያስፈልግም። «ሀ» ባንክ የሚቀበለው 13 ሚሊዮን፣ የሚከፍለው 12 ሚሊዮን ስለ ሆነ 1 ሚሊዮን ይተርፈዋል፤ «ለ» ባንክም እንዲሁ 13 ሚሊዮን ተቀብሎ 12 ሚሊዮን ስለሚከፍል 1 ሚሊዮን ይተርፈዋል፤ «ሐ» ባንክ ግን 8 ሚሊዮን ተቀብሎ 10 ሚሊዮን ስለሚከፍል 2 ሚሊዮን ይጐድለዋል። እያንዳንዱ ባንክ በብሔራዊ ባንክ ዘንድ ሒሳብ አለው፤ ስለዚህ ከ«ሐ» ሒሳብ 2 ሚሊዮን ተቀንሶ ለ«ሀ»ና ለ«ለ» አንድ አንድ ሚሊዮን ሲጨመር የ34 ሚሊዮኑ ሥራ ሁሉ ይዘጋል። «ማጣራት» የተባለውም ይኸው ነው፤ የሚፈለገውና የሚከፈለው እርስ በርሱ ተቻችሎ የተጣራው ልዩነት ብቻ ይቀራል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ባንኮች እርስ በርሳቸው ቢተሳሰቡም የቆርቆሮ ነጋዴው ጉዳይ በዚያ አያልቅም። «ለ» ባንክ ቼኩን የመመርመር፣ ጕድለት ካገኘበትም የመመለስ መብት አለው፤ ይህንንም የሚያደርግበት የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶታል። በአዳማው ደንበኛ ሒሳብ ላይ በቂ ገንዘብ አለን? ፊርማው በባንኩ ካለው የፊርማ ናሙና ጋር ይመሳሰላልን? ሁለት ሰው በአንድነት እንዲፈርም በተደረገበት ሒሳብ ላይ ሁለቱም ፈርመዋልን? አውጪው «አትክፈሉ» ብሎ የሰጠው ማገጃ አለን? ፍርድ ቤት ሒሳቡን አግዶታልን? ከነዚህ አንዱ ቢገኝ ቼኩ ምክንያቱ ተጽፎበት ይመለሳል፤ የገንዘቡም ሒሳብ በሚቀጥለው መተሳሰቢያ ወደ ኋላ ይዞራል።

በብዙ አገሮች የማጣራት ሥራ የቆየው ልማድ፣ ከፋዩ ባንክ ለየቼኩ «ከፍያለሁ» እያለ ወሬ እንዲልክ አያስገድደውም። የሚላከው የክፉ ወሬ ብቻ ነው። የመመለሻው ጊዜ ዝም ተብሎ ካለፈ ቼኩ እንደ ተከፈለ ይቈጠራል። ነጋዴው የሚያማርርበት የመጠበቂያ ጊዜ በመሠረቱ ይህ ነው። ሰብሳቢው ባንክ የገንዘብ መምጣትን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ የሌላው ባንክ የመመለስ መብት እስኪያልቅ ነው የሚጠብቀው። መኪናው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የቼኩ ሥዕል በደቂቃ ውስጥ አዳማ ቢደርስም፣ ፊርማ አመሳክሮ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ለማለት ለከፋዩ ጊዜ መስጠት ግዴታ ነው።

የጊዜው ቈጠራ የሚጀምርበትም ሰዓት ሊታወቅ ይገባል። እያንዳንዱ ባንክ የዕለቱን ቼክ ወደ ማጣሪያ የሚያሳልፍበት የመዝጊያ ሰዓት አለው። ከዚያ ሰዓት በፊት የገባው የዛሬ፣ ከዚያ በኋላ የገባው የነገ ሥራ ይሆናል። ቈጠራው ደግሞ በሥራ ቀን ነው። ስለዚህ በስቅለት ዋዜማ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተሰጠ ቼክ ስቅለትንና ፋሲካን አሳልፎ ገና በሚቀጥለው ሳምንት ጕዞውን ሊጀምር ይችላል። ለበዓል ገበያ ዕቃ የሚያነሣ ነጋዴ «ከአራት ቀን በፊት ገቢ አድርጌዋለሁ» ቢል፣ ለማጣሪያው ግን አንድም ቀን አልሞላው ይሆናል።

አሁን የቆርቆሮ አከፋፋዩን እንከተለው። ሰኞ ማታ መግለጫውን ቢመለከት ጠቅላላ ቀሪው 220,000 ብር፣ ሊወጣ የሚችለው ግን 40,000 ብር ብቻ ነው። እርሱ ያየው የላይኛውን ቁጥር ነው። ማክሰኞ ጧት ለዕቃ አስተላላፊው የ95,000 ብር ቼክ ይጽፍለታል፤ ለአዳማው ደንበኛም «ገንዘቡ ገብቷል» ብሎ ቆርቆሮውን በመኪና ያስጭንለታል። ረቡዕ «ለ» ባንክ የ180,000 ብሩን ቼክ «ፊርማው አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሰዋል። «ሀ» ባንክም 180,000 ብሩን ከምዝገባው ይሰርዛል፤ ቀሪው እንደ ገና 40,000 ብር ይሆናል። የዕቃ አስተላላፊውን ቼክ ባንኩ በቸልታ ከፍሎት ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ በ55,000 ብር ጐድሎ ይገኝ ነበር፤ ያንንም ገንዘብ ባንኩ ከአከፋፋዩ ይጠይቃል እንጂ ከአዳማው ደንበኛ አይጠይቅም። ከመስኮቱ የተሰጠው «ሊወጣ አይችልም» የሚለው መልስ ባንኩን የሚጠብቀውን ያህል ደንበኛውንም ከዚህ ዕዳ ይጠብቀዋል።

ባንኩ ካልከፈለውስ? የከፋው ጉዳይ ይህ ነው። የ95,000 ብሩ ቼክ በ40,000 ብር ቀሪ ላይ ስለ ቀረበ «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ሕጋችን በባንክ ውስጥ ለቼክ መክፈያ የሚገኘውን ገንዘብ «ስንቅ» ማለቱ መልካም አባባል ነው፤ ገበያውም በበኩሉ ስንቅ የሌለውን ቼክ «ደረቅ ቼክ» ይለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎታል። አከፋፋያችን ማንንም ለማታለል አላሰበም፤ ነገር ግን ያልተጣራን ምዝገባ እንደ ስንቅ ቈጥሮ ስለ ጻፈ በዕቃ አስተላላፊው ፊት ደረቅ ቼክ አውጪ ሆኖ ይቆማል። አሳቡን ማስረዳቱ የእርሱ ፈንታ ይሆናል። እንግዲህ ማንም ነጋዴ ቼክ ከመጻፉ በፊት መመልከት ያለበት ሊወጣ የሚችለውን ቀሪ ነው፤ ይህ ቁጥር በስልኩ ላይ ተለይቶ የማይታይ ከሆነ ለባንኩ ደውሎ መጠየቅ ያሻዋል።

በቀን ቀጠሮ ለሚሠሩ ነጋዴዎችም ቃል እንጨምር። በገበያችን ለወደፊት ቀን ቼክ ጽፎ ዕቃ መውሰድ የተለመደ ነው። የንግድ ሕጉ ቼክን የሚያውቀው ግን ሲቀርብ የሚከፈል አድርጎ እንጂ እንደ ዱቤ ሰነድ አይደለም። ይህ ልማድ ሌላ ክርክር ስላለው ለዛሬ እንተወውና ከጕዳያችን ጋር የሚገናኘውን ብቻ እንያዝ፤ በወሩ በ20 ቀን ተብሎ የተጻፈ ቼክ በ20 ሊቀርብ የሚችል ነው እንጂ ገንዘቡ በ20 በእጅ አይገኝም። የጉምሩክ ቀረጥ በ20 የሚከፍል አስመጪ በዚህ ቼክ ተማምኖ ከሆነ ቀረጡን በሌላ ገንዘብ መክፈል ግድ ይሆንበታል።

ሁሉም ቼክ ግን በዚህ መንገድ አይጓዝም። አውጪውና ተቀባዩ በአንድ ባንክ ሒሳብ ካላቸው ማጣሪያ አያስፈልግም፤ ባንኩ የሁለቱንም መዝገብ በእጁ ስላለው ስንቁንና ፊርማውን እዚያው አይቶ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይጨምራል። ስለዚህ ቼክ ሲቀበሉ ከሁሉ አስቀድሞ በራስጌው ላይ የታተመውን የባንክ ስም ማየት ጥሩ ነው። ብዙ ትልልቅ ነጋዴዎች በሁለትና በሦስት ባንክ ሒሳብ የሚከፍቱት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። መጠኑ ከፍ ላለና ዕቃው በዚያው ቀን ለሚነሣበት ሽያጭ ደግሞ ሲ.ፒ.ኦ. ወይም አር.ቲ.ጂ.ኤስ. በመባል የሚታወቀውን መጠየቅ ይቻላል። ሲ.ፒ.ኦ. ባንኩ ገንዘቡን ከገዢው ሒሳብ አስቀድሞ ቀንሶ በራሱ ስም የሚያወጣው የመክፈያ ሰነድ ስለ ሆነ የስንቅ ጥርጣሬ የለበትም። ሆኖም ተመሳስሎ ሊሠራ ስለሚችል ሰነዱን ያወጣውን ቅርንጫፍ፣ በሰነዱ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ከሌላ አግኝተው በሚደውሉበት ቁጥር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አር.ቲ.ጂ.ኤስ. ደግሞ ገንዘቡን ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው በብሔራዊ ባንክ ባለው ሒሳብ በኩል ወዲያውኑ ለየብቻው ያስተላልፋል። እዚያ ተቻችሎ የሚቀር ልዩነት፣ የሚጠበቅም የመመለሻ ጊዜ የለም።

ዘመድ ወይም የንግድ ወኪል በአሜሪካ ያላቸው አንባቢዎች «እዚያ ግን ቼክ በማግስቱ ይወጣል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ሌላ አደጋ አለበት። በዚያ አገር ባንኮች የደንበኛን ቼክ ከሚገባው በላይ ያቆያሉ የሚል አቤቱታ ስለ በዛ በ1987 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቶ፣ ባንኮች ለየቼኩ ዐይነት በተወሰነ ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲለቁ ታዘዙ። ቀኑን የወሰነው ሕጉ እንጂ የቼኩ መከፈል አይደለም። ስለዚህ በአሜሪካ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሊመለስና ባንኩ ገንዘቡን ከደንበኛው ሊጠይቅ ይችላል። አጭበርባሪዎችም ይህን ክፍተት ያውቁታል። ከዕቃው ዋጋ በላይ የሆነ የባንክ ቼክ ይልኩና «በስሕተት አብዝቼ ልኬአለሁ፤ ትርፉን በሐዋላ መልስልኝ» ይላሉ። ሻጩ ገንዘቡ መውጣቱን አይቶ ትርፉን ይልካል፤ ከሳምንት በኋላ ቼኩ ሲመለስ የላከውም የዕቃውም ዋጋ ከእርሱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ አገር «ሊወጣ ይችላል» የሚለው ቃል እንኳ «ተከፍሏል» ማለት አይደለም።

ቼክ በተመለሰ ጊዜ የሚደረገውን እንናገርና የአከፋፋያችንን ታሪክ እንጨርስ። ከተመለሰው ቼክ ጋር ባንኩ ምክንያቱንና ቀኑን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጣል። ይህን ወረቀት ከቼኩ ጋር አያይዞ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያሻል፤ ቼኩ በጊዜው መቅረቡንና አለመከፈሉን የሚመሰክረው እርሱ ነው። ከዚያ ምክንያቱን ማንበብ ነው። «በቂ ስንቅ የለውም» ወይም «ሒሳቡ ተዘግቷል» የሚል ከሆነ ጕዳዩ የዕዳ ጕዳይ ነው፤ ዕቃው ገና ካልተጫነ መጫኑን ማቆም፣ ከተጫነም አውጪውን ሳይዘገዩ መጠየቅ ይገባል። «ፊርማው አይመሳሰልም»፣ «ቀን አልተጻፈበትም»፣ «አኃዙና ፊደሉ ይለያያል» የሚል ከሆነ ግን ገንዘቡ በሒሳቡ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ከፋይ ነኝ ያለው ሰው ሆን ብሎ ፊርማውን ያበላሸ እንደ ሆነ ለማወቅ አዲስ ቼክ ለመጻፍ የሚወስድበትን ጊዜ ማየት ይበቃል።

የአዳማው ደንበኛ አላመነታም። በቸኰለ ጊዜ አሳጥሮ መፈረሙን አምኖ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲስ ቼክ ጽፎ በሹፌር እጅ ላከ። አከፋፋዩ ሐሙስ ጧት ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ለባንኩ አስረከበ። የዕቃ አስተላላፊውን ቼክ በተመለከተ ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ባንኩ ደውሎ ሊወጣ የሚችለውን ቀሪ በመጠየቁ ቼኩ ገና ሳይቀርብ አስመልሶት ነበር። 30,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ከፈለው፤ የቀረውን 65,000 ብር ደግሞ የአዳማው ቼክ የመመለሻ ጊዜው ማለፉን ባንኩ ካረጋገጠለት በኋላ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ አስተላለፈለት።